በ-0.75 ሃንዲካፕ 145 ብቻ ለምን ተከፈለ?

«በ-0.75 የእስያ ሃንዲካፕ፣ በ1.90 ኦድ 100 አስይዤ ቡድኔ 1 ለ 0 አሸነፈ። 190 ስጠብቅ 145 ብቻ ገባልኝ። ተሳስተው ነው?»

አልተሳሳቱም ወንድሜ፣ ሂሳቡ ልክ ነው። -0.75 ራሱን የቻለ መስመር አይደለም፤ ገንዘብህ እኩል ተከፍሎ 50ው በ-0.5፣ 50ው በ-1 ላይ ተቀምጧል። ከቡድንህ 1 ጎል ላይ 0.5 ሲቀነስ አሁንም ይመራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ግማሽ 50 በ1.90 ተባዝቶ 95 ሆነ። 1 ሲቀነስ ግን ውጤቱ 0 ለ 0 ነው፤ ሁለተኛው 50 ያለ ትርፍ ያለ ኪሳራ ተመለሰ። 95 እና 50 ሲደመሩ 145። ትርፍህ 45 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ተመላሽ የሆነው ግማሽ በ1.90 አይባዛም፣ በ1.00 ብቻ ነው የሚቆጠረው። በሁለት ጎል ልዩነት ቢያሸንፍ ኖሮ 190 ሙሉውን ታገኝ ነበር፤ አቻ ቢወጣ ደግሞ ሁለቱም ግማሾች ይጠፉ ነበር።

ከ-0.25 ጋር እንዳታምታታው። እዚያ ግማሹ በ0፣ ግማሹ በ-0.5 ላይ ስለሆነ የአንድ ጎል ድል ሙሉ ክፍያ ያስገኛል፤ አቻ ሲወጣ ግን 50 ተመልሶ 50 ይጠፋል። ውርርዱ ከሌሎች ጨዋታዎች ጋር የተጣመረ ከሆነ ያንተ 1 ለ 0 ድል በ1.90 ፈንታ በ1.45 ይባዛል።