ሁለት መልሶች እኩል ሲወጡ ፕሮግራሙ ለምን አንዱን ያሸንፈዋል?

«ሰላም ወንድሜ። የምሠራው ደንበኞች አገልግሎት ክፍል ነው። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ሠራተኞች ለየብቻ መልስ ይጽፋሉ። ገምጋሚዋ ትክክል ነው? የተሟላ ነው? ግልጽ ነው? ትሁት ነው? እያለች አዎ ወይም አይ ትሞላለች። ክብደታቸው 0.4፣ 0.3፣ 0.2 እና 0.1 ነው። ፓይተን ላይ ድምሩን አወዳድሬ የመጀመሪያው ከበለጠ እሱ፣ አለዚያ ሁለተኛው ያሸንፋል ብያለሁ። ግን ሁለተኛው ከልክ በላይ እያሸነፈ ነው። ቦታቸውን ስቀያይር አንዳንዱ ውጤት ይገለበጣል። ነጥባቸው እኩል የሆኑ ሁለት መልሶች ደግሞ ብቀያይርም ያው አንደኛው ያሸንፋል። ምን ላድርግ?»

ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው የተደራረቡብህ። ደግነቱ የምትለይበትን መንገድ ራስህ አግኝተኸዋል። ስትቀያይር የሚገለበጠው አንዱ ነው፤ የማይገለበጠው ሌላው።

የሚገለበጠው የመጣው ከ`else` ነው። `else` «ሁለተኛው በለጠ» ማለት አይደለም። «የመጀመሪያው አልበለጠም» ማለት ነው። እኩል ሲሆኑም የመጀመሪያው አልበለጠም፤ ስለዚህ እኩል የወጣው ሁሉ ዝም ብሎ ለሁለተኛው ይሰጣል። ምልክቱን `>=` ብታደርገው ደግሞ አድልዎው ወደ መጀመሪያው ይዞራል እንጂ አይጠፋም። እኔም አንድ ጊዜ ለተማሪዎች ውድድር በጻፍኩት ፕሮግራም ይህንኑ ሠርቻለሁ። ያስተዋለችው ኋላ ቁጭ ብላ ወረቀት ላይ ስትደምር የነበረች እናት ናት።

የማይገለበጠው የመጣው ከነጥብ በኋላ ካሉት ቁጥሮች ነው። ሀ ትክክል፣ ግልጽና ትሁት ነው እንበል፤ ግን አልተሟላም። ለ ትክክልና የተሟላ ነው፤ ግን ግልጽም ትሁትም አይደለም። በወረቀት ሁለቱም 0.7 ናቸው። ፓይተንን ጠይቀው፦

```
>>> 0.4 + 0.2 + 0.1
0.7000000000000001
>>> 0.4 + 0.3
0.7
```

ኮምፒውተሩ ቁጥር የሚይዘው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። እኛ አንድ ሦስተኛን 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው ሁሉ፣ እሱም 0.1ን በትክክል አይጨርሰውም። አጠጋግቶ ይይዘዋል። ያቺ ፍርፋሪ ለሀ ደርሳ አሸነፈ። ክብደቱን 4፣ 3፣ 2፣ 1 ብታደርገው ችግሩ እዚያው ያበቃል፤ ሙሉ ቁጥር ሲደመር ፍርፋሪ የለውም።

እኩሉን ከ`else` በፊት ለብቻው ከለየኸው፣ እዚህ ላይ ባቆምም ፕሮግራምህ ይሠራል። ግን ክብደቶችህን ሳይ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። የተሳሳተ ግን የተሟላ፣ ግልጽና ትሁት የሆነ መልስ 3 ሲደመር 2 ሲደመር 1፣ 6 ነጥብ ያገኛል። ትክክል ብቻ የሆነ መልስ 4 አለው። ማለትም ደንበኛውን በፈገግታ የሚያሳስተው አሸነፈ። ይህ የሒሳብ ስህተት አይደለም፤ ሕጉ ራሱ ነው የተበላሸው። ትክክለኛነት መጀመሪያ ለብቻው ይታይ። አንዱ ትክክል ሆኖ ሌላው ከተሳሳተ ነገሩ አልቋል። ሁለቱም ከተሳሳቱ አሸናፊ የለም። ይህን «እኩል» ከሚለው ጋር አትቀላቅለው። እኩል የወጡ ሁለት ጥሩ መልሶችና ሁለት የማይረቡ መልሶች ለአለቃህ የሚነግሩት ነገር ለየቅል ነው።

ትክክለኛነት ሲወጣ የሚቀሩት ክብደቶች 3፣ 2 እና 1 ናቸው። ምልክታቸው የተለያየ ሆኖ ድምራቸው እኩል ሊሆን የሚችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ 3 በአንድ ወገን፣ 2 እና 1 በሌላው ሲሆኑ። ከላይ ያየነው ምሳሌ ማለት ነው። ስለዚህ ለአለቃህ የምታቀርበው አንድ ጥያቄ ነው፦ የተሟላ ግን ደረቅና የተወሳሰበ መልስ ይሻላል፣ ወይስ ግልጽና ትሁት ግን የጎደለ? እኔ የተሟላውን እመርጣለሁ። የጎደለው መልስ ደንበኛውን ነገ መልሶ ያስደውለዋል። እናንተ ሌላ ልትመርጡ ትችላላችሁ። ግን ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ወስኑ።

የተሟላው ይሻላል ካላችሁ ደግሞ ክብደት የሚባለው ነገር ከነጭራሹ አያስፈልግም። በተርታ ማየት ይበቃል፤ መጀመሪያ ትክክለኛነት፣ እኩል ከሆኑ የተሟላነት፣ ቀጥሎ ግልጽነት፣ ከዚያ ትህትና። ፓይተን `tuple` ሲያወዳድር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦

```python
def judge(a, b):
    if not a[0] and not b[0]:
        return "የለም"
    if a == b:
        return "እኩል"
    return "ሀ" if a > b else "ለ"
```

`a` እና `b` እንደ `(1, 0, 1, 1)` ያሉ አራት ቁጥሮች ናቸው፤ አዎ 1፣ አይ 0። እዚህ `else` ቢኖርም አይጎዳም። እኩል የሆነው ከላይ ተለይቶ ወጥቷል።

አደራ፣ «አዎ» እና «አይ» የሚሉትን ቃላት እንዳሉ አታስገባ። ፓይተን ቃል የሚያወዳድረው በፊደሉ የኮድ ቁጥር ነው። አ የጋራ ነው፤ ቀጥሎ ይ ከዎ ኋላ ስለሚመጣ «አይ» ከ«አዎ» ይበልጣል። ውጤትህ ሁሉ ተገልብጦ ታገኘዋለህ። ከ`CSV` ፋይል የመጣ "0" ም ቃል እንጂ ቁጥር አይደለም፤ ባዶ ስላልሆነ `not` እንደ እውነት ይቆጥረዋል። በ`int` ቀይረህ አስገባ።

ፈተናው ቀላል ነው። አራት መስፈርት በአዎና አይ 16 ዓይነት ምልክት ይሰጣል። 16 በ16፣ 256 ጥንድ። ሁሉንም ቀያይረህ ሞክር፦

```python
from itertools import product
flip = {"ሀ": "ለ", "ለ": "ሀ", "እኩል": "እኩል", "የለም": "የለም"}
marks = list(product((0, 1), repeat=4))
for a in marks:
    for b in marks:
        assert judge(b, a) == flip[judge(a, b)]
```

ምንም ሳይል ካለፈ ቦታ ውጤቱን አይነካውም ማለት ነው። የድሮ ኮድህ እዚህ ገና በመጀመሪያው ጥንድ ላይ ይወድቃል። የፍርፋሪውን ስህተት ግን ይህ ፈተና አይዝም፤ እሱ ብትቀያይረውም ያው ነው። ስለዚህ ቁጠራም ጨምር። ከ256ቱ ሀ 92፣ ለ 92፣ እኩል 8፣ የለም 64 መውጣት አለበት። ሌላ ቁጥር ካየህ ሕጉ የሆነ ቦታ ተቀይሯል።

እኩል የሚለው የሚቀረው የሁለቱ መልሶች አራቱም ምልክት አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። ያኔ በዕጣ ወይም ቀድሞ በገባ አትለይ። ዕጣ ነገ ሲደገም ሌላ መልስ ይሰጣል፤ ለተሸነፈው ሠራተኛም ምክንያቱን ማስረዳት አትችልም። እኩል ብለህ ተወውና ወር መጨረሻ ላይ ስትደምር ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ስጥ። እኩሉ በጣም ከበዛብህ መስፈርትህ ልዩነቱን አያይም ማለት ነው፤ ገምጋሚዋን ምን ልዩነት እንደምታይ ጠይቃትና አምስተኛ መስፈርት ጨምር።

ወደፊት አዎና አይን ትተህ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ልስጥ ካልክ ግን ይህ በተርታ ማየት አይመችህም። በትክክለኛነት 5 ያገኘ በ4 ያለውን በሌላው ሁሉ ቢበለጥም ይጥለዋል። ያኔ ወደ ሙሉ ቁጥር ክብደት ተመለስ፤ ትክክለኛነትን ግን ዝቅተኛ ማለፊያ አድርገህ አስቀድመው።