«ዝቅተኛ» ብላችሁ የሞላችሁት ቦታ ላይ ምንጭ አለ

ጥያቄ፦ «ጋሼ ሰላም ነዎት? የምጽፍልዎት ከወረባቦ ነው፣ የትምህርት ቤታችን የግንባታ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ሁለት ክፍል ያለው ብሎክና አንድ መጸዳጃ ቤት ልንሠራ ነው። የአካባቢና ማኅበራዊ ማጣሪያ ፎርሙን ሞልተን ላክን። ሁሉም ላይ ‹ዝቅተኛ› ነው ያልነው። ‹ማጠቃለያው ለሕዝቡ አይገባም፣ እንደገና ጻፉት› ብለው መለሱልን። ከመጸዳጃው 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የታች ሰፈር ሰው የሚጠጣው ምንጭ አለ፣ ግን ደንቡ 30 ሜትር ነው ሲሉ ሰምተናል። ቦታውን አንዲት ባልቴት እናታችን ከሁለት ጥማድ መሬታቸው ላይ 1,200 ካሬ ቆርሰው በስጦታ ሰጥተውናል። ማጠቃለያውን እንዴት አድርጌ ልጻፈው?»

አብሽር ወንድሜ፣ ፎርሙ መመለሱ ጥሩ ነው። ሳይት ላይ ፎርማን ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ እንዲህ ዓይነት ማጣሪያ ስሞላና ሳይ ነው የምውለው። ያንተ ችግር የቋንቋ ብቻ አይመስለኝም። ማጠቃለያው ለሰው ያልገባው ውስጡ ገና ያልተመለሱ ሁለት ጥያቄዎች ስላሉ ነው፤ ምንጩና መሬቱ። እነሱ ከተመለሱ ጽሑፉ በራሱ ይቀላል።

ከምንጩ እንጀምር። 30 ሜትር የሚባለው ልክ ነው፣ በብዙ መመሪያ ላይ አለ። ግን ብቻውን አይቆምም። አብሮት የሚሄድ ሌላ መለኪያ አለ፦ የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድሩ ውኃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት። ሁለቱም የሚሠሩት ደግሞ ፍሳሹ በአፈር ውስጥ እየተጣራ በዝግታ ሲሄድ ነው። የእኛ አገር ተራራ ግን ሥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ብዙ ቦታ ላይም የተሰነጣጠቀ ነው። ውኃ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ አይጣራም፣ ቧንቧ እንዳገኘ ነው የሚወርደው። እንዲህ ባለ መሬት ላይ፣ ያውም ምንጩ ቁልቁል ሆኖ፣ 40 ሜትር ምንም ላይከላከል ይችላል። ምንጩ እዚያ የወጣው ራሱ ከላይ የሚወርድ ውኃ በዚያ በኩል መንገድ ስላገኘ ነው።

እንዴት ታውቃለህ? ቆፍረህ። መጸዳጃው የታሰበበት ቦታ ላይ የሙከራ ጉድጓድ አውጡ፣ ከመጸዳጃው ጉድጓድ ወለል ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አልፎ የሚወርድ። የእናንተ ጉድጓድ ሁለት ሜትር ተኩል ከሆነ ሙከራው አራት ሜትር ይሆናል ማለት ነው። እስከ ታች ድረስ የጠበቀ ቀይ አፈር ከሆነ ደግ ነው። ስንጥቅ ድንጋይ ካገኛችሁ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ውኃ ካመነጨ፣ ያ ቦታ ቀርቷል። ጥርጣሬ ካለ አንድ በርሜል ውኃ ጨምሩበትና ጠብቁ፤ ወዲያው ጥርግ ብሎ ከጠፋ ከሥሩ ስንጥቅ አለ። ጊዜውም ወሳኝ ነው። በግንቦት ደረቅ የሆነ ጉድጓድ በመስከረም ውኃ ሊሞላ ይችላል፣ ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ቆፍሩ። አደራ፣ አራት ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ሰው ያለ ድጋፍ አይግባ፣ ግድግዳው ይናዳል። ዙሪያውንም አጥራችሁ አሳድሩት፣ እንዳያችሁትም መልሳችሁ ድፈኑት። ትምህርት ቤት ነው፣ ልጆች አሉ።

ቦታው ከቀረ መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያውና የሚሻለው መጸዳጃውን ውኃው ወደ ሌላ ሸለቆ ወደሚወርድበት በኩል ማዛወር ነው። አንዳንዴ ከጉብታው ጀርባ ሃያ ሜትር መሄድ ይበቃል። ይህ ካልተቻለ ግድግዳውም ወለሉም በሲሚንቶ ተለስኖ ምንም የማያሰርግ ባለሁለት ጉድጓድ መጸዳጃ ይሠራል። አንዱ ሲሞላ ይዘጋል፣ ሌላው ሥራ ይጀምራል። በእናንተ ደጋማ አየር የተዘጋው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይነካ መቆየት አለበት፣ ከዚያ በፊት ማውጣት በሽታን ማሰራጨት ነው። ይህኛው ዋጋው ይጨምራል፣ በየጊዜው የሚያስወጣም ሰው ይፈልጋል። ያንን የሚሠራ ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ሌላው፣ ቁፋሮው ሳይጀመር የምንጩን ውኃ አስመርምሩ። የወረዳውን ውኃ ጽሕፈት ቤት ወይም ጤና ጣቢያውን ጠይቁ። መጸዳጃው ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው ክረምት ሲወጣ ድገሙት። የፊቱ ውጤት ከሌለ በኋላ «ምንጩ ተበላሸ» ሲባል ማንም ማስረዳት አይችልም፣ እናንተም ጥፋተኛ ሁናችሁ ትቀራላችሁ።

አሁን ወደ መሬቱ። እዚህ ላይ ቀጥታ ልንገርህ፣ ይህ ስጦታ ስጦታ ተብሎ ላያልፍ ይችላል። ጥማዱን ሩብ ሄክታር ብንለው ሁለት ጥማድ 5,000 ካሬ ነው። ከሱ ላይ 1,200 ሲነሣ ሩብ ሊሞላ ምንም አይቀረው። በርዳታና በብድር የሚሠሩ ብዙ ፕሮጀክቶች ከይዞታው አንድ አሥረኛ ያለፈን መሬት በስጦታ አይቀበሉም፣ ምክንያቱም ሰጪው ቀሪው መሬት ላይ መኖር መቻል አለበት። እናታችን ልባቸው ሰፊ ነው፣ አምናለሁ። ግን በሚቀጥለው ዓመት ማሽላቸው በሩብ ሲቀንስ የሚቸገሩት እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን ቀንሱ። ሁለት ክፍል ብሎክ 18 በ8 ሜትር ቢሆን ራሱ 144 ካሬ ነው የሚይዘው። መጸዳጃውና መተላለፊያው ተጨምሮም 1,200 ለምን እንዳስፈለገ ኮሚቴው ማስረዳት አለበት። ነባሩ ግቢ ውስጥ ቦታ አለ? ካለ እዚያ ሥሩ። ከሌለ ቀበሌው ምትክ መሬት ወይም ካሳ ይስጣቸው፣ በማጠቃለያውም «ስጦታ» የሚለው ቃል ይውጣ።

ከአንድ አሥረኛ በታች ሆኖ ስጦታ ሆኖ ከቀጠለ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ የማን የማን ስም አለ? ልጆች ካሉበት እነሱም ይስማሙ። ሁለተኛ፣ መሬቱን በእኩል የሚያርስ ሰው አለ? ካለ እሱም እንጀራውን ያጣል፣ ፎርሙ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም አያነሣውም። ሦስተኛ፣ እናታችን እምቢ ማለት ይችሉ ነበር? ይህን ስብሰባ ላይ አትጠይቋቸው። በሕዝብ ፊት፣ የቅሬ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ አባጋሩ ተቀምጦ «አልሰጥም» የሚል ማን አለ? ከኮሚቴው ውጭ የሆነች ሴት ቤታቸው ሄዳ ለብቻቸው ትጠይቃቸው። ሌላ አማራጭ ቦታም በእጃችሁ ይኑር። አማራጭ ከሌለ ጥያቄው ጥያቄ አይደለም።

ሌላ የምጨምርልህ አንድ ነገር አለ፣ እሱም የቁፋሮው አፈር ነው። ድሮ አንድ ሳይት ላይ አፈሩን ከምንጭ በላይ ደፋነው። ፎርሙ ላይ «ዝቅተኛ» ነበር የተጻፈው። አንድ ሌሊት ዘነበ፣ ጠዋት እናቶች ቡናማ ውኃ የሞላ ጀሪካን ይዘው መጡ። ፊታቸውን እስካሁን አልረሳሁትም። የእናንተን አስላው፦ የመሠረቱ ርዝመት መሐከለኛውን ግድግዳ ጨምሮ 60 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ሜትር ተኩል ቢሆን 72 ሜትር ኩብ ነው። ሲቆፈር ስለሚያብጥ ወደ 90 ይጠጋል። ይህ ስድስት ሲኖትራክ አፈር ነው። የት እንደሚሄድ ከአሁኑ ስሙ ያለው ቦታ ጻፍለት። ቁፋሮውን ጥቅምት ላይ ጀምሩት፣ በልግ ሳይመጣ መሠረቱ ተሞልቶ አፈሩም ተነሥቶ ይለቅ። ቦዩ ክፍት እስካለ ድረስ ዙሪያውን አጥሩት።

አሁን ጽሑፉ። «ዝቅተኛ» የሚለውን ቃል ለጊዜው እርሳው። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ምን፣ የት፣ ማንን ሊጎዳ እንደሚችል፣ እናንተ ምን እንደምታደርጉ፣ ማን እንደሚያደርገውና መደረጉን በምን እንደሚያውቅ ነው። ፎርማችሁ ላይ «የውኃ ብክለት፦ ዝቅተኛ፣ ተገቢው ጥንቃቄ ይደረጋል» ተብሎ ይሆናል የተጻፈው፣ ብዙው ሰው እንደዚያ ነው የሚጽፈው። እንዲህ ቢሆንስ፦

«መጸዳጃ ቤቱ መጀመሪያ ከታሰበበት ቦታ ተነሥቷል። ስንቆፍር ከሥሩ የተሰነጠቀ ድንጋይ ስላገኘን ፍሳሹ የታች ሰፈር ምንጭ ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር። አሁን የሚሠራው ከጉብታው ጀርባ ነው፣ ከዚያ የሚወርደው ውኃ ወደ ምንጩ አይደርስም። የምንጩ ውኃ ሥራው ሳይጀመር ይመረመራል፣ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላም ይደገማል። ውጤቱን ርዕሰ መምህሩ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጥፋሉ። ውኃው ከደፈረሰ ወይም ከሸተተ ለኮሚቴው ተናገሩ፣ በሳምንት ውስጥ መልስ ትሰማላችሁ።»

ቦታው ካልተቀየረ ወይም ሙከራው ካልተደረገ ግን ይህን አንቀጽ አትገልብጥ፣ የሆነውን ብቻ ጻፍ። ስለ መሬቱም እንዲሁ፦ ስንት ካሬ እንደተወሰደ፣ ስንት እንደቀረ፣ በምትኩ ምን እንደተሰጠ። የእናታችንን ስም ግን ማጠቃለያው ላይ አታውጣ፣ እሱ ከሰነዱ ጋር ይያዝ። ቁጥርን ደግሞ ሰው በሚያውቀው ስፈርለት። ለምሳሌ 400 ከረጢት ሲሚንቶ ለማቡካት ብቻ በከረጢት 25 ሊትር ብትይዝ 10,000 ሊትር ውኃ ይፈጃል። ያን ያህል ሊትር ለብዙ ሰው ስዕል አይሰጥም። «500 ጀሪካን» ስትለው ግን እናቶች ወዲያው «ከየት ነው የምትቀዱት?» ይሉሃል። ያ ጥያቄ መልሱ ማጠቃለያው ውስጥ መኖር ያለበት ጥያቄ ነው። ከምንጩ ከሆነ በስንት ሰዓት እንደምትቀዱ ጻፉ፣ የሰው ወረፋ በሌለበት ሰዓት ይሁን።

የአደጋውን ደረጃ በመጨረሻ ጻፈው፣ ሁለቴ፦ ምንም ባይደረግ ምን ያህል ነው፣ የተባለው ተደርጎ ምን ያህል ቀረ። የምንጩ ጉዳይ መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛ አልነበረም፣ ያንን በግልጽ መጻፍ አያስነውርም። ገምጋሚውም የሚፈልገው እሱን ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ተጽዕኖው ሥራ ሳይጀመር ይታይ፣ ሕዝቡም ሐሳብ ይስጥበት ነው የሚለው።

ሁሉም ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ። ስትጨርስ ለኮሚቴው ከማንበብህ በፊት ከዚያ ምንጭ ለሚቀዱ ሁለት ሦስት ሴቶች ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ከዚያ «ምን አልኩ?» በላቸውና ዝም ብለህ ስማ። መልሰው መናገር ያቃታቸውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፈው። የሙከራ ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንዳገኛችሁ ደግሞ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ የድንጋዩን ዓይነት አይቼ መጸዳጃው ወዴት ቢሄድ እንደሚሻል አብረን እናያለን።