የዓሣ አጥንት ሥዕሉን ማንበብና ዋና መንስኤዎቹን ማጠቃለል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (አዲስ የጥራት ተቆጣጣሪ)፦ ከጥራት ስብሰባ የወጣ፣ ችግሩን በዓሣው ራስ፣ ሊሆኑ የሚችሉትን መንስኤዎች ደግሞ በየዘርፉ በአጥንቶቹ ላይ የሚያሳይ የዓሣ አጥንት ሥዕል ተሰጥቶኝ ዋና መንስኤዎቹን በአንድ አንቀጽ እንዳጠቃልል ታዝዣለሁ። በዓሣው ራስ ላይ «በ2ኛው መስመር በሌሊት ፈረቃ የታሸጉ ጠርሙሶች ከክዳናቸው ሥር ያፈሳሉ» ይላል። በ6ቱ አጥንቶች ላይ ግን ብዙ ነገር ተጽፏል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከዓሣው ራስ ይጀምሩ። ጉድለቱን፣ ቦታውንና ጊዜውን ለይቶ ስለሚናገር እንደ ማጣሪያ ያገለግልዎታል። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ «መንስኤው ይህ ከሆነ፣ ለምን በ2ኛው መስመር ብቻ? ለምን በሌሊት ብቻ?» ብለው ይፈትኑት። ጥሬ ዕቃ በሚለው አጥንት ላይ «የክዳኑ ስፋት ይለያያል» ተብሎ ቢጻፍና ሁለቱም መስመሮች ከአንድ ምድብ ክዳን የሚወስዱ ከሆነ፣ ይህ ቅርንጫፍ ብቻውን ችግሩን ሊያስረዳ አይችልም።

ቀጥሎ ከትንሿ ቅርንጫፍ ወደ ዓሣው ራስ እየሄዱ «ስለዚህ» በማለት ያገናኙ፦ የክዳን መዝጊያ ማሽኑ ክላች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚወስነው ክፍል፣ ተዳክሟል፣ ስለዚህ ክዳኑ በበቂ ኃይል አይጠብቅም፣ ስለዚህ ጠርሙሱ ያፈሳል። «ስለዚህ» የማይገጥምበት ቦታ ካለ ስብሰባው አንድ እርምጃ ዘልሏል ማለት ነውና ጽፈው ይጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን ሥዕሉ የተሰብሳቢዎች ግምት እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው አጥንት ዋናው መንስኤ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በስብሰባው የጥገና ሠራተኞች ቢበዙ የማሽን አጥንት ይረዝማል።

አንድ አባል፦ እኛ ዘንድ በድምፅ ብልጫ 3 መንስኤዎች ይመረጡና እነዚያው ዋና ተብለው ይጻፋሉ። ሲሠራበት የቆየ ዘዴ ነው።

መልስ፦ ድምፁ የትኛው ቅርንጫፍ ቀድሞ ይጣራ ለሚለው ይጠቅማል፤ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነዎት። የተመረጠውን «ዋና መንስኤ» ብሎ መጻፍ ግን ግምትን ወደ ማስረጃ ማሳደግ ነው።

ሌላ አባል፦ በልብስ ስፌት ክፍላችን ክር እየተበጠሰ ሲያስቸግረን 6ቱ አጥንቶች ስላልበቁን ወደ 8 አሳደግናቸው። እናንተስ ስንት ትጠቀማላችሁ?

መልስ፦ የአጥንቱ ቁጥር ለማጠቃለሉ ሥራ ለውጥ አያመጣም። ወደ ጠርሙሱ እንመለስ።

ጥያቄ (ተቆጣጣሪው)፦ ታዲያ ምን ሲረጋገጥ ነው «ዋና መንስኤ» ብዬ መጻፍ የምችለው?

መልስ፦ መጀመሪያ የልኬት አጥንትን ያጣሩ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህን ነው። የፕላስቲክ ክዳን እንደተገጠመ ለመክፈት የሚጠይቀው ኃይል ከሰዓታት በኋላ ከሚጠይቀው ይበልጣል፤ ፕላስቲኩ እያደር ይላላልና። የቀኑ ፈረቃ ወዲያው፣ የሌሊቱ ደግሞ ዘግይቶ የሚለካ ከሆነ፣ ማሽኑ ምንም ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይመዘገባሉ።

ልኬቱ ደህና ከሆነ፣ የሚያፈሱት ጠርሙሶች በየትኛው የማሽኑ ራስ፣ ማለትም ክዳን በሚያጠብቀው ክፍል፣ እንደተዘጉ ይለዩ። ማሽኑ 12 ራሶች ቢኖሩትና ፍሳሹ ከ7ኛው ራስ ብቻ ቢመጣ፣ የዚያ ራስ ክላች ዋና ተጠርጣሪ ይሆናል፤ በሁሉም ራሶች ላይ እኩል ቢበተን ግን ወደ ማሽኑ አጠቃላይ ማስተካከያ ወይም ወደ ክዳኑ ይሂዱ። ክላቹ ተቀይሮ ፍሳሹ ሲቆም፣ አሮጌው ሲመለስ ደግሞ እንደገና ሲጀምር፣ ያን ጊዜ «ዋና መንስኤ» ብለው ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ማጠቃለያው ሚዛናዊ እንዲሆን ከየአጥንቱ አንድ አንድ መንስኤ ብወስድስ?

መልስ፦ የቅርንጫፍ ብዛት ክብደት እንደማያሳይ ከላይ ተመልሷል፤ ለአጥንቶች እኩል ቦታ መስጠትም የዚያው ስሕተት ሌላ መልክ ነው። እባካችሁ የተጻፈውን አንብባችሁ ጠይቁ።

አንድ አባል፦ ሰው በሚለው አጥንት ላይ ሁልጊዜ «ቸልተኝነት» ይጻፋል። ጨርሶ ቢሰረዝ ይሻላል።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። ሌሊት ተቆጣጣሪ በሌለበት ቸልተኝነት በእርግጥ አለ፤ ብንሰርዘው እውነቱን መደበቅ ይሆናል።

መልስ፦ ቃሉ ይቆይ ወይስ ይሰረዝ በሚለው እኔም ቁርጥ ያለ አቋም የለኝም። ነገር ግን «ቸልተኝነት» እንዳለ ሊጣራ አይችልም፤ «ፈረቃ ሲቀየር የማሽኑ ማስተካከያ አይመዘገብም» ቢባል መዝገቡን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ይኸው ነገር አሠራር በሚለው አጥንት ላይም ተጽፎ ከሆነ አንድ መንስኤ ነውና ሁለት ጊዜ አይቁጠሩት።

ጥያቄ (ተቆጣጣሪው)፦ አንቀጹ ምን ሊመስል ይችላል?

መልስ፦ ማጣራቱ 7ኛውን ራስ ካሳየ እንዲህ ይጻፉ፦ «በ2ኛው መስመር በሌሊት ፈረቃ ለታየው ፍሳሽ የተረጋገጠው መንስኤ የ7ኛው ራስ ክላች መዳከም ሲሆን፣ ክላቹ ሲቀየር ፍሳሹ ቆሟል፤ አሮጌው ሲመለስም ተመልሷል። ጉድለቱ በሌሊት ብቻ የታየበት ምክንያት ገና አልታወቀም፤ በፈረቃ ቅያሬ ማስተካከያው አለመመዝገቡ የተጠረጠረ ሲሆን በመጣራት ላይ ነው። የክዳኑ ስፋት ልዩነት፣ ሁለቱም መስመሮች አንድ ምድብ ስለሚጠቀሙ፣ ብቻውን መንስኤ ሊሆን አይችልም።» ያልተጣሩትን ቅርንጫፎች ከአንቀጹ ሥር ከነአጣሪያቸው ስምና ከነቀነ ገደባቸው ያስቀምጡ።