ሎጂስቲክስ ላይ ያለ ሰው በየሳምንቱ ምን ይፖስት?

"ሰላም ጋሼ። ድሬ ውስጥ አንድ ትራንዚትና ሎጂስቲክስ ቢሮ ነው የምሰራው፣ ስራውን አውቀዋለሁ ግን ከቢሯችን ውጪ ማንም አያውቀኝም። ሊንክድኢንና ቴሌግራም ላይ በየሳምንቱ የሆነ ነገር ፖስት አድርግ ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ራሱን የሚያሻሽጥ ሰው መምሰል ያስጠላኛል። ምን ልጻፍ?"

አቦ ወንድሜ፣ እኔንም ያስጠላኛል። ሄልሜት አድርጎ ኮንቴነር ፊት ቆሞ "ሌላ የተሳካ ስራ፣ ለቡድኔ ምስጋና" የሚል ፎቶ በየሳምንቱ አያለሁ፣ ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው አስመጪ ከዛ ምን ይወስዳል? ምንም።

ስለዚህ ከራስህ አትጀምር፣ ከቢሮህ ስልክ ጀምር። በሳምንቱ ውስጥ ደንበኛ ደውሎ ከጠየቃችሁ ውስጥ አንዱን ምረጥና አስመጪው አንተን ሳይቀጥር ራሱ ሊጠቀምበት በሚችልበት መንገድ መልሰው። ከጻፍክ በኋላ "እኔ" እና "ድርጅታችን" የሚሉትን አጥፍተህ አንብበው፣ ጽሁፉ ቆሞ ከተገኘ ፖስት አድርገው። ከፈረሰ ግን መጀመሪያውኑ ስለራስህ ነበር የጻፍከው።

በደንብ እንዲገባህ አንድ ጥያቄ ይዘን እንሂድ። እናንተ ጋር ሳይደወል የሚያልፍ ወር የለም ብዬ የምገምተው፦ "እቃዬን በጊዜ አውጥቻለሁ፣ ባዶውን ኮንቴነርም መልሻለሁ፣ ታዲያ የምን ቅጣት ነው የመጣብኝ?"

መልሱ ያለው ፍሪ ታይም፣ ማለትም ኮንቴነሩን ያለ ቅጣት የምትይዝበት ጊዜ፣ መቆጠር የሚጀምርበት ቀን ላይ ነው። አንተ ዲመሬጅና ዲቴንሽንን ታውቃለህ፣ ሰውዬው ግን ለሁለቱም "የኮንቴነር ቅጣት" ነው የሚለው፣ እና ለሱ ስትጽፍ በሱ ቋንቋ ጻፍለት፦ አንደኛው ሙሉው ኮንቴነር ወደብ ውስጥ ሲቆይ የሚመጣ ነው፣ ሌላኛው ከወደብ ወጥቶ ባዶው ሳይመለስ ሲዘገይ። አንዳንዱ የመርከብ ድርጅት ሁለቱን ለየብቻ ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ጅቡቲ ከመርከብ ከወረደበት ቀን ጀምሮ አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። አብዛኛው ሰው የሚያጠፋው እዚህ ጋር ነው።

አሁን በቁጥር እንየው (ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ ፖስትህ ላይም እንደዛ ብለህ ጻፍ)። ፍሪ ታይሙ 14 ቀን ነው እንበል፣ ኮንቴነሩ ጅቡቲ ኦክቶበር 5 ወረደ፣ ከወደብ ኦክቶበር 12 ወጣ። አስመጪው ከወጣበት ቀን ቆጠረና እስከ ኦክቶበር 25 ጊዜ አለኝ አለ፣ ከዚራ ያለው መጋዘኑ ውስጥ ተረጋግቶ አራገፈ፣ ባዶውን የሚመልስለት መኪና ቆይቶ ፈለገ፣ ኦክቶበር 25 አስረከበ። በሱ ሂሳብ አንድም ቀን አላለፈም። የመርከብ ድርጅቱ ግን ከወረደበት ቀን ስለሚቆጥር የመጨረሻው ነፃ ቀን ኦክቶበር 18 ነበር፣ ከ19 እስከ 25 ሰባት ቀን አለፈ ማለት ነው። በቀን 20 ዶላር ቢሆን 140 ዶላር፣ ሁለት ኮንቴነር ከሆነ 280። ብዙ ጊዜ ደግሞ ታሪፉ በደረጃ ነው፣ ቀኑ በገፋ ቁጥር የቀኑ ዋጋ ራሱ ይጨምራል፣ እሁድና በዓልም አብሮ ይቆጠራል።

በዚህ ላይ የኛ ሀገር ጣጣ አለ፣ ካላንደሩ። ወረቀቱ በፈረንጅ ነው፣ የመጋዘን ሰራተኛው ደብተር በኛ ነው። ኦክቶበር 18 ጥቅምት 8 ነው፣ ጥቅምት 15 ደግሞ ኦክቶበር 25፣ ይሄን በቃሉ የያዘ ሰው አለ። ግን ጳጉሜ 6 ስትሆን (የሚቀጥለው የ2019 ነው) መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል በቃል የያዘው ሂሳብ በአንድ ቀን ይዛነፋል፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻም እንደዛው ነው የሚቆየው። ይሄ ብቻውን የሌላ ሳምንት ፖስት ይሆንሃል።

ከዚህ ሁሉ ፖስት የምታደርገው አጭሩን ነው፣ ለምሳሌ እንዲህ፦

"ባዶ ኮንቴነር በጊዜ መልሳችሁ ቅጣት ከመጣባችሁ አንድ ነገር እዩ፣ ፍሪ ታይሙ የተቆጠረው ከመርከብ ከወረደበት ነው ከወደብ ከወጣበት? እቃው ከመድረሱ በፊት የመርከብ ድርጅቱን በጽሁፍ ጠይቁ። የመጨረሻዋን ቀን በሁለቱም ካላንደር ጽፋችሁ መጋዘን ላለው ሰው ስጡት። ባዶውን የሚመልሰውን መኪና ከማራገፋችሁ በፊት ያዙ። ስታስረክቡ የተሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉ፣ ክርክር ቢነሳ የተመለሰበትን ቀን የሚያሳየው እሱ ነው።"

አበቃ። ስልክ ቁጥር የለ፣ "ለበለጠ መረጃ ያናግሩኝ" የለ። ስምህ ከላይ አለ አይደል፣ የፈለገ ያገኝሃል።

ፎቶ ላይ ጠንቀቅ በል እባክህ። ኮንቴነሩ በር ላይ ያሉት አራት ፊደልና ሰባት ቁጥሮች ኮንቴነሩን ለይተው ያሳውቃሉ፣ በሩ የታሸገበት ሲል ቁጥርም፣ የመኪናው ታርጋም እንደዛው፣ የጭነት ሰነዱ ቢኤል ደግሞ የላኪውንም የተቀባዩንም ስም ይዟል። እኔ ብሆን የሰነድ ፎቶ ጭራሽ አልለጥፍም፣ ድፍን አድርጌ እንኳን ቢሆን፣ በወረቀት ላይ በእጄ የሳልኩትን የቀን አቆጣጠር ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ። መንገድ ላይ ያለ ጭነትም አትጻፍ፣ ደርሶ ተራግፎ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው፣ ያውም የደንበኛው ማንነት እንዳይታወቅ የእቃውን አይነትና ቀኑን ቀይረህ፣ ድሬ ትንሽ ናት፣ "አንድ የጎማ አስመጪ" ስትል ከለገሀሬ እስከ ሳቢያን ማን እንደሆነ ያውቁታል። አለቃህንም አስቀድመህ "የደንበኛ ስምና ዋጋ የሌለበት፣ አሰራር ብቻ ነው የምጽፈው" በለው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፖስቶች አሳየው።

በየሳምንቱ ደግሞ የግድ አንተ አስተማሪ መሆን የለብህም። አንዱን ሳምንት ጥያቄ ጠይቅ፣ ለምሳሌ የደወሌን መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ባዶ ሲመልሱ የት ጋር ነው ሰዓት የሚበላባቸው ብለህ፣ መልሳቸውን ሰብስበህ በሚቀጥለው ሳምንት ማን ምን እንዳለ ገልጸህ ጻፍ። ሌላ ሳምንት የምትለው ከሌለህ የሌላ ሰው ፖስት ስር ገብተህ ረዘም ያለ ጠቃሚ ኮሜንት ጻፍ፣ እሱም ፖስት ነው፣ እንዲያውም የማያውቁህ ሰዎች አይን የሚያርፍብህ እዛ ነው።

ደንብና ታሪፍ ስትጽፍ ቀኑን ጻፍበት፣ ስለሚቀየር። የሚያርምህ ሰው ከመጣ ፖስቱን አትሰርዝ፣ ከላይ "ታርሟል" ብለህ አስተካክል፣ ጉምሩክ ላይ የሰራ ሰው መጥቶ ካረመህ ትክክለኛው ሰው እያነበበህ ነው ማለት ነው። ላይክ አትቁጠር። የምታየው ሌላ ነገር ነው፣ ጽሁፍህን ፎርዋርድ ያደረገ አለ ወይ፣ ሰው "የኔ ደግሞ በመልቲሞዳል ነው የመጣው፣ ድሬ ደረቅ ወደብ ሲደርስ እንዴት ይቆጠራል?" እያለ ጥያቄውን እያጠበበ ይመጣል ወይ። እንዲህ አይነቱ ጥያቄ የሚቀጥለው ሳምንት ፖስትህ ነው። ለሰውዬው ግን እዛው መልስለት፣ የኮንትራቱን ቅድመ ሁኔታ ሳታይ ቀን እንዳትነግረው ብቻ፣ ኢንቦክስ ገብቶ ስራ ልስጥህ ካለህ ደግሞ ወደ ቢሮህ ምራው፣ በጎን የምትይዘው ስራ አለቃህ ጆሮ እስኪደርስ ብዙም አይቆይም።