«የተረጋገጠ ትርጉም» ሲባል አረጋጋጩ ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ነዎት? ባለቤቴ አሜሪካ ነው፤ እኔን ለመውሰድ ፎርም እየሞላ ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን በ2004 ከማዘጋጃ ቤት የወጣ ነው፣ አማርኛ ብቻ ነው። «የተረጋገጠ ትርጉም ላኪ» ሲለኝ ትርጉም ቤት አስተረጎምኩ። አሁን አንዱ ውልና ማስረጃ ካልመታበት አይሆንም ይለኛል፣ ሌላው ውጭ ጉዳይ ይለኛል። «የተረጋገጠ» ማለት የቱ ነው? ዋናውንም ትርጉሙንም ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ፣ እስቲ ይዩልኝ። (ከሀዋሳ፣ ታቦር)

መልስ፦ ግራ ያጋባሽ «ማረጋገጥ» የሚለው ቃላችን ነው። ብዙ ሥራ ተጭኖበታል። ኮፒን ከዋናው ጋር አመሳክሮ ማኅተም መምታት ማረጋገጥ ነው። «ይህ ፊርማ የእውነት የዚያ ባለሥልጣን ነው» ብሎ በሰነዱ ላይ መመስከርም ማረጋገጥ ነው። አንድ ተርጓሚ «ይህን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ ምንም አልጎደለም፣ ትክክል ነው» ብሎ ሲፈርምም ያው ማረጋገጥ ነው። እንግሊዝኛው ለሦስቱም የየራሳቸው ስያሜ አለው። ባለቤትሽ ያነበበው «ሰርቲፋይድ ትራንስሌሽን» የሚለውን ነው፤ እሱ ደግሞ ሦስተኛው ነው። ወደ አማርኛ ሲመጣ «የተረጋገጠ ትርጉም» ሆነ፤ እኛ አገር «የተረጋገጠ» ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማኅተም ስለሆነ አንዱ ውልና ማስረጃ፣ ሌላው ውጭ ጉዳይ አሉሽ።

የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደንብ በዚህ ላይ አጭርና ግልጽ ነው። ባለቤትሽ «8 CFR 103.2(b)(3)» ብሎ ቢፈልግ ራሱ ሊያነበው ይችላል። በእንግሊዝኛ ያልሆነ ሰነድ ከሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ይቅረብ ይላል። ተርጓሚው ሁለት ነገር በፊርማው እንዲመሰክር ይጠይቃል፤ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ እና እሱ ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑን። በቃ። ማኅተም አይልም፣ ኖተሪ አይልም፣ ፈቃድ ያለው ቢሮ ይሁን አይልም።

አሁን ወደ ላክሽው ትርጉም ልምጣ። ክብ ማኅተም አለው። ቲተር አለው። የድርጅቱ አርማም ከላይ አለ። የጎደለው ራሱ ዐረፍተ ነገሩ ነው! «እኔ ተረጎምኩት፣ ሙሉና ትክክል ነው፣ ሁለቱን ቋንቋ በብቃት አውቃለሁ» የሚል አንድም መስመር አላገኘሁበትም። ማኅተሙ ሥር ያለው ፊርማም የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ስም የለውም። ማኅተም ሞልቶበት የተፈለገው ማረጋገጫ ግን የሌለበት ወረቀት ነው የያዝሽው። ውልና ማስረጃ ብትሄጂ አንድ ማኅተም ይጨመርበታል እንጂ ያ ዐረፍተ ነገር ከየት ይመጣል?

ስለዚህ መመለስ ያለብሽ ትርጉም ቤቱ ጋ ነው። የተረጎመው ሰው ራሱ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከትርጉሙ ግርጌ ወይም በተያያዘ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ይጻፍ፦ «እኔ እገሌ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኔን፣ የተያያዘው የእነ እገሌ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ትርጉምም ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ ሙሉ ስሙን፣ ፊርማውን፣ አድራሻውንና ቀኑን ያስፍር። «ሙሉ» የሚለው ቃል እንዳይቀር። ብዙ ጊዜ «ትክክለኛ» ብቻ ተጽፎ ይታለፋል፤ ደንቡ ግን ሁለቱንም ነው የሚጠይቀው።

እግረ መንገዴን፣ ባለቤትሽ ራሱ ተርጉሞ ቢፈርምስ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። የአሜሪካው ደንብ በስም አይከለክለውም። እኔ ግን አይፈርም እላለሁ፤ በጉዳዩ ተጠቃሚ የሆነ ሰው ለራሱ ወረቀት ምስክር ሲሆን ጥያቄ ይጋብዛል። እንግሊዝኛ በደንብ የሚያውቅ፣ ከፋይሉ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሰው ካለሽ እሱ ይሻላል። ይህን የምነግርሽ ደግሞ ለአሜሪካ ብቻ ነው፣ ካናዳ እህት ካለችሽ እንዳትነግሪያት። ካናዳ አመልካቹም፣ የትዳር ጓደኛውም፣ የሥጋ ዘመዱም እንዳይተረጉም በግልጽ ይከለክላል፤ ተርጓሚው ዕውቅና ያለው ባለሙያ ካልሆነ ደግሞ ቃለ መሐላ ፈጽሞ መፈረም አለበት። ጀርመን በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይፈልጋል። እንግሊዝ የተርጓሚውን ሙሉ ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና አድራሻ ይጠይቃል። ቃሉ በአማርኛ አንድ ነው፣ ሥራው ግን እንደየአገሩ ይለያያል።

ዐረፍተ ነገሩን ከማስፈረምሽ በፊት ግን ትርጉሙ ራሱ መታረም አለበት፤ አለዚያ ሰውየው የተሳሳተን ነገር ትክክል ነው ብሎ ሊፈርም ነው።

ትልቁ ቀኑ ነው። ዋናው ላይ «ጥር 6 ቀን 2004 ዓ.ም.» ይላል። ተርጓሚው «ጃንዋሪ 14፣ 2012» ብሎ አስቀምጦታል። የኛን ቀን ጨርሶ አልጻፈውም። መጀመሪያ ነገር፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን አጥፍቶ በሌላ መተካት ትርጉም አይባልም። ጥር 6፣ 2004 ብሎ እንዳለ ይጻፈው፣ አጠገቡ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ይግለጽ፣ ከዚያ የፈረንጁን ቀን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያስገባ። ማዕዘን ቅንፉ «ይህ የተርጓሚው ቃል ነው፣ ወረቀቱ ላይ የለም» ማለት ነው። የሚያነበው መኮንን ሁለቱን ጎን ለጎን ያያል፤ ዋናው ላይ 2004 አይቶ ትርጉሙ ላይ 2012 ሲያይ አይደናገርም።

ቢያንስ ግን ተርጓሚሽ «ዓ.ም.»ን በመዝገበ ቃላት እንዳለው «ኤ.ዲ.» ብሎ አልተረጎመውም። ይህን ያደረጉ ትርጉሞች አይቻለሁ። ዓመተ ምሕረት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ማለት ነው፣ ስለዚህ ኤ.ዲ. ነው ይሉና 2004ን እንዳለ ይተዉታል። በእንግሊዝኛ ሲነበብ ሰዎቹ ከተጋቡበት ስምንት ዓመት ቀድመው ተጋቡ ማለት ነው።

አሁን ወደ 14ቱ። ጥር 6 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 14 ይውላል፣ እውነት ነው። በ2004 ግን አይደለም። 2003 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜን ስድስት ሆነች። ስለዚህ የ2004 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ሆነ፣ ከዚያ ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ገፋ። ጥር 6፣ 2004 ጃንዋሪ 15፣ 2012 ነው። ይህን በቀላሉ ማረጋገጥ ትችያለሽ፤ ሠርጋችሁ ምን ቀን ነበር? እሑድ ከነበረ ጃንዋሪ 15 እሑድ ነው፣ 14 ግን ቅዳሜ ነው። የዚያ ዓመት ጥምቀትም ጃንዋሪ 19 ሳይሆን 20 ነው የዋለው። ለአራት የሚካፈል ዓመት ላይ፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ 1996፣ 2000፣ 2004፣ 2008 እያለ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት ያለ ቀን ካለብሽ ይህን አስቢ። የልደት ወረቀት ላይም ያው ነው።

አንድ ቀን ምን ያደርጋል እንዳትይ። ባለቤትሽ ፎርሙ ላይ የጋብቻ ቀን ብሎ የሚሞላው አለ። እሱ እሑዱን አስታውሶ 15 ይሞላል፣ ትርጉሙ 14 ይላል፣ ከዚያ የጋብቻ ቀናችሁ ሁለት ሆነ። ለምን እንደተለያየ ስትጠየቂ ደግሞ ስለ ጳጉሜን ማስረዳት ልትጀምሪ ነው። ፎርሙ ሳይላክ ከትርጉሙ ጋር ያመሳክረው። ወረቀቱ የተሰጠበትም ቀን አለ፣ እሱም ጥር ውስጥ ነው፣ በዚሁ ስሌት ይታረም።

ስምሽ ላይ ሁለት ነገር አለ። «የአያት ስም» የሚለውን «ላስት ኔም» ብሎታል። አያት አያት ነው፤ «ግራንድፋዘርስ ኔም» ይበለው፣ ወረቀቱ የሚለው እሱን ነው። የቤተሰብ ስም የቱ ነው የሚለውን ፎርሙ በራሱ ቦታ ይጠይቃል። ሌላው «ወ/ማርያም» ነው። ዳብሊው አድርጎ፣ እዝባር አስገብቶ፣ እንዳለ ገልብጦታል። ይህን አጽሕሮት የሚያውቀው አማርኛ አንባቢ ብቻ ነው። እኛም ብንሆን አያት ወንድ መሆኑን ስለምናውቅ ነው «ወልደ ማርያም» ብለን የምናነበው፤ ሴት ብትሆን «ወለተ ማርያም» ሊሆን ይችል ነበር። ይዘርዝረው። ፊደላቱን ደግሞ ከፓስፖርትሽ አንድ በአንድ ይቅዳ፣ አንድ ቃል ወይም ሁለት ቃል መሆኑም ሳይቀር። ይህ የሚሠራው ግን ለአጻጻፍ ልዩነት ብቻ ነው። ዋናው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ የተለየ ስም ቢሆን ኖሮ ተርጓሚው የማስተካከል መብት የለውም፣ እንዳለ ይተረጉመዋል፤ የሚታረመው ወረቀቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ጋ ነው።

ቦታው ላይ ተርጓሚሽ ደግ ሊሆን ፈልጎ አበላሽቶታል። ዋናው «የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል፣ አዋሳ» ይላል። እሱ «ሲዳማ ክልል፣ ሀዋሳ» ብሎ አዘመነው። የሲዳማ ክልል የተመሠረተው በ2012 ነው፤ በ2004 የተሰጠ ወረቀት ያልነበረ ክልል ስም እንዴት ይዞ ይገኛል? ማኅተሙ ላይም ደቡብ ነው ያለው። የወረቀቱን ስም እንዳለ ያስቀምጠው። ፓስፖርትሽ ላይ ያለው «ሀዋሳ» ሌላ ከተማ እንዳይመስል ከፈለገ «አሁን ሀዋሳ ተብሎ የሚጻፈው» ብሎ በማዕዘን ቅንፍ ይጨምር፣ አለቀ። ወላጆቻቸው የተጋቡበት ወረቀት «ናዝሬት» የሚልባቸው የአዳማ ልጆችም ይህንኑ ያድርጉ።

በመጨረሻ ማኅተሙ። «ሙሉ» ማለት የታተመውም፣ በእጅ የተጻፈውም፣ የተመታውም ነው። ትርጉምሽ ላይ ከክቡ ማኅተም አንድም ቃል የለም፣ ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው የመዝገብ ቁጥርም ተዘሏል። «ክብ ማኅተም» ብሎ ውስጡ ያለውን ጽሑፍ ይተርጉም። የደበዘዘውን «አይነበብም» ይበል እንጂ አይገምት። ፊርማ ያለበት ቦታ ላይ «ፊርማ አለ» ይበል።

እነዚህ ከታረሙ በኋላ ያቺን ዐረፍተ ነገር ያስፍር፣ ስሙን ጽፎ ይፈርም፣ ከዋናው ወረቀት ግልጽ ኮፒ ጋር አያይዘሽ ስካን አድርገሽ ላኪለት። ዋናውን እጅሽ ላይ አቆይው፤ ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪ ይዘሽ ትቀርቢያለሽ።