ስም የለሽ የሠራተኞች አስተያየት፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

«አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አንድ ነርሲንግ ሆም በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት፣ ሊቀጥረኝ ነው። ሠራተኞች ስለ መሥሪያ ቤታቸው ስማቸውን ሳይገልጹ በሚጽፉበት ድረ ገጽ፣ ግላስዶር ላይ ግን 3.5 ኮከብ ነው ያለው፤ የጻፉትም ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ልተወው?»

በስድስት ሰው አይተዉት። መጀመሪያ ስድስቱን አንድ በአንድ ከፍተው የሰጡትን ኮከብ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ሦስቱ 5፣ አንዱ 4፣ ሁለቱ 1 ሰጥተዋል እንበል። ድምሩ 21፣ ለስድስት ሲካፈል 3.5 ነው። ነገ አንድ የተከፋ ሰው 1 ቢጨምርበት 3.1 ይሆናል፤ አንድ ደስ ያለው 5 ቢጨምርበት ደግሞ 3.7። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። ሁለት መቶ ሰው የጻፈበት 3.5 ቢሆን ኖሮ ያ አንድ ሰው ከቦታው አያነቃንቀውም ነበር። (ግላስዶር ለቅርብ ጊዜ ጽሑፍ የበለጠ ክብደት ስለሚሰጥ በእጅ ያሰሉት ትንሽ ቢለይ አይደንግጡ።)

አሁን ልብ ይበሉ፤ ከስድስቱ አምስቱ የሰጡት ነጥብ ከ3.5 የራቀ ነው። አራቱ ወደውታል፣ ሁለቱ ጠልተውታል። ስለዚህ አማካዩን ትተው የሁለቱን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ምን ይሠሩ ነበር? በየትኛው ሺፍት? ሁለቱም የሌሊት ሠራተኞች ሆነው «ብቻችንን ብዙ ሰው እንይዛለን» ካሉ፣ የወደዱት አራቱ ደግሞ የቀን ከሆኑ፣ ሁሉም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እርስዎ የሚገቡት ለየትኛው ነው? ለሌሊት ከሆነ ቃለ መጠይቁ ላይ «በሌሊት አንድ ሲኤንኤ ስንት ነዋሪ ይይዛል?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ።

ነርሲንግ ሆም ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ ፈላጊ የማያገኘው ማረጋገጫ አለ። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ የተባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚቀበሉ ቤቶች በየሺፍቱ ስንት ነርስና ስንት ረዳት እንዳለ በየቀኑ ሰው በሚያየው ቦታ የመለጠፍ ግዴታ አለባቸው። ለቃለ መጠይቅ ሲሄዱ ግድግዳውን ይዩ። የሜዲኬር Care Compare ድረ ገጽም የሠራተኛውን ብዛትና በዓመት ምን ያህሉ እንደሚለቅ ያሳያል። ሁለቱ ስም የለሾች ያሉት እዚያ ከተደገፈ ያኔ ያስቡበት።

«የሚጽፈው ተጣልቶ የወጣ ብቻ አይደል እንዴ?»

ብቻውን አይደለም፤ ግን ብዙ ነው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እኔም ከአንድ መሥሪያ ቤት የወጣሁ ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ ጽፌ ነበር። አንድ ቃል አልዋሸሁም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሦስት ወር እንደዘገየ ጻፍኩ፤ ልጄ በታመመች ጊዜ አለቃዬ ያለ ምንም ጥያቄ ሁለት ሳምንት እንደሰጠኝ ግን አልጻፍኩም። ያዳላሁት በተውኩት ነገር ነው።

ስለዚህ ቁጣውን ወደ ጎን ትተው የሚጨበጠውን ይፈልጉ። «አስተዳደሩ የማይረባ ነው» ምንም አይነግርዎትም። «የሺፍት ፕሮግራም የሚወጣው ዓርብ ማታ ነው፣ ሰኞ መግባትህን የምታውቀው ያኔ ነው» ግን የሚጣራ ነገር ነው፤ ሌላ ሰው በሌላ ወር ያንኑ ካለ ደግሞ ይመኑት።

ምስጋናውንም እንዲሁ ይመርምሩ። ወራት ዝም ብሎ የቆየ ገጽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስምንት ባለ 5 ኮከብ ካገኘ፣ ጽሑፎቹም «ጥሩ ቡድን፣ ጥሩ ዕድል» ከማለት ካላለፉ፣ አንድ ሰው ጻፉ ብሎ ሳይጠይቃቸው አልቀረም። አጭርና ለዛ ቢስ የሆነ ሁሉ ግን የተቀነባበረ አይደለም። ግላስዶር ሌሎች የጻፉትን ለማንበብ አንተም ጻፍ ስለሚል፣ በሩ እንዲከፈትለት ብቻ ሁለት መስመር የሚጥል ብዙ ነው።

«ዘንድሮ የተለጠፈ ከሆነ አዲስ መረጃ ነው ማለት ነው?»

አይደለም። ግላስዶር ከለቀቁ እስከ አምስት ዓመት ድረስ መጻፍ ይፈቅዳል። የ2025 ቀን ያለው ጽሑፍ ስለ 2021 ሊሆን ይችላል። Former Employee፣ የቀድሞ ሠራተኛ፣ የሚል ካዩ በጽሑፉ ውስጥ የጊዜ ምልክት ይፈልጉ፦ ስለ ኮቪድ ማስክ ያወራል? የጠቀሰው ሥራ አስኪያጅ ዛሬም አለ? አለቃው ከተቀየረ ስለ ጠባዩ የተጻፈው አብሮት ሄዷል። የደመወዝ እርከንና የዕረፍት ሕግ ግን ከአለቃ ጋር ስለማይሄድ፣ ስለ እነሱ የተጻፈ አሮጌ ቅሬታ ዛሬም መጠየቅ ይገባዋል።

«አዲስ አበባ ነኝ፤ የምገባበት የግል ድርጅት ያለው አራት አስተያየት ብቻ ነው።»

አራቱን እንደ ጥያቄ መነሻ ይያዟቸው እንጂ አይቁጠሯቸው። ከዚያ በዚያው የሥራ ክፍል ሠርቶ የለቀቀ አንድ ሰው በዘመድም በወዳጅም ፈልገው ቡና ይጋብዙት። «ጥሩ ነው?» ብለው አይጠይቁት፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ደመወዝ በስንተኛው ቀን ይገባ እንደነበር፣ ከእሱ ላይ የተቆረጠው 7 በመቶና ድርጅቱ የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ገቢ መደረጉን አጣርቶ እንደሆነ፣ ከእሱ በፊት በዚያ ወንበር የነበረው ሰው ስንት ጊዜ እንደቆየ ይጠይቁት።