«ጥንቃቄ አላጎደልኩም» የሚለው መልስ መቼ ያድናል?

«የእንግሊዝን የቶርት ሕግ እየተማርኩ ነው። መልመጃው እንዲህ ይላል፦ አንድ ፋብሪካ በግቢው ብዙ አሲድ በታንከር አከማችቷል። ታንከሩን የሠራው የታወቀ ባለሙያ ነው። ታንከሩ ተሰንጥቆ አሲዱ ጎረቤት ግቢ ገባ። የጎረቤቱን ዕቃ አበላሸ፣ እግሩንም አቃጠለው። ፋብሪካው ጥንቃቄ አላጎደልኩም ይላል። በቸልተኝነት ይከሰስ ወይስ ያለ ጥፋት በሚመጣ ኃላፊነት?»

ዕቃውና እግሩ በአንድ መንገድ አይሄዱም። መልስዎን ከዚህ ይጀምሩ።

ለዕቃው መነሻው በ1868 የተወሰነው የራይላንድስና የፍሌቸር ጉዳይ ነው። ራይላንድስ ለፋብሪካው የውሃ ማጠራቀሚያ ያሠራው በመሐንዲስና በሥራ ተቋራጮች ነበር። ሠራተኞቹ ከሥር የተተዉ የማዕድን ጉድጓዶች አገኙ፣ ግን በደንብ አልደፈኗቸውም። ውሃው ሲሞላ በጉድጓዶቹ ወርዶ የፍሌቸርን የከሰል ማዕድን አጥለቀለቀ። ራይላንድስ ራሱ ያጠፋው ነገር አልነበረም። ያም ሆኖ ተጠያቂ ሆነ። ቢያመልጥ ጉዳት የሚያደርስ ነገር በመሬቱ ላይ ያከማቸ ሰው፣ ቢያመልጥበት ዕዳው የራሱ ነው ተባለ።

በእርስዎ ጉዳይ አሲዱ ከግቢ ወጥቷል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1946 በተወሰነው የሪድና የላዮንስ ጉዳይ፣ በጥይት ፋብሪካ ውስጥ ፍንዳታ የጎዳት ተቆጣጣሪ የተሸነፈችው ከግቢው ያመለጠ ነገር ስላልነበረ ነው። አጠቃቀሙም ያልተለመደና አደገኛ መሆን አለበት። ብዙ አሲድ ማከማቸት ይህን ያሟላል ብዬ አምናለሁ። በትራንስኮ ጉዳይ ግን ለመኖሪያ ሕንፃ ውሃ የሚያደርስ ቧንቧ አያሟላም ተብሏል።

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት ቀጥሎ ነው። በ1993 በተወሰነው የካምብሪጅ ውሃ ጉዳይ ከቆዳ ፋብሪካ የፈሰሰ ኬሚካል መሬት ውስጥ ሰርጎ የውሃ ጉድጓድ በከለ። ፋብሪካው ነፃ ወጣ፤ ያን ዓይነት ጉዳት በጊዜው አስቀድሞ መገመት አይቻልም ነበርና። መገመት ያለበት የጉዳቱ ዓይነት ነው እንጂ ማምለጡ አይደለም። አሲድ ካመለጠ ዕቃ እንደሚያቃጥል ማንም ያውቃል። ስለዚህ ታንከሩ ይሰነጠቃል ብሎ ማንም ባይጠብቅም ፋብሪካው ለዕቃው ይከፍላል።

እግሩስ? የትራንስኮ ውሳኔ የአካል ጉዳትን ከዚህ ደንብ አውጥቶታል። እዚህ ቸልተኝነትን ማስረዳት ግድ ነው፤ የፋብሪካው መከላከያም ጉልበት ያገኛል። ብቁ ባለሙያ መርጦ ያሠራ ሰው በመርህ ደረጃ ለዚያ ባለሙያ ስህተት አይጠየቅም። ያኔ ፋብሪካው ራሱ ምን እንዳጎደለ ይፈልጉ። ታንከሩን በየጊዜው ያስፈትሽ ነበር? ስንጥቁ ቀድሞ ይታይ ነበር? ምንም ካልተገኘ የእግሩ ክስ የሚያዋጣው በታንከሩ ሠሪ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያረጋግጡ። ከፋብሪካው ጋር ግንኙነት የሌለው ሰው ታንከሩን ሆን ብሎ ከፍቶት ከሆነና ያንን መገመት ካልተቻለ፣ ፋብሪካው ከዕቃው ክስም ሊያመልጥ ይችላል።